ቀን ሲደርስ ወይስ ሚዛን ሲያጋድል? «በየዓመቱ ጥር ላይ አመጣጥን» ለሚለው ምክር የቀረበ ምላሽ

ሀብትን በአንድ ቦታ አለማከማቸት ተገቢ መሆኑን ዛሬ የሚከራከርበት ሰው ጥቂት ነው። ክርክሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ገንዘቡን በባንክ ተቀማጭ፣ በባንክ አክሲዮንና በእህል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ድርሻ ከወሰነ በኋላ ዋጋ ሲለዋወጥ ድርሻዎቹም ይዛባሉ። መቼ ይመለሱ? በብዛት የሚሰማው መልስ በዓመት አንድ ጊዜ የሚል ነው። ምርት ገብቶ የዓመቱ ሂሳብ የሚታሰበው በጥር ስለሆነ፣ በጥር ያበጠውን ሸጦ የከሳውን መግዛትና ሁሉንም ወደ ታለመለት ድርሻ በትክክል መመለስ ይመከራል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን ምክር ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስህተት ስለሆነ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎችን በአንድ ቀን ስለሚያጣብቅ ነው።

በመጀመሪያ ለምክሩ የሚገባውን ልስጠው። ቀን መቁረጥ ሰውን ከራሱ ስሜት ይጠብቀዋል። በቆሎ ሲወደድ «ገና ይወደዳል» ብሎ የሚጠብቅ፣ ሲረክስ ደግሞ ደንግጦ የሚሸጥ ሰው ቀኑ ከደረሰ ምክንያት አያገኝም። ለማስታወስም ቀላል ነው። የቀን መቁረጥ ደጋፊዎች የውጭ ጥናት ሲጠቅሱም ከባዶ አይነሱም። ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት በየወሩ፣ በየሩብ ዓመቱም ሆነ በየዓመቱ ማመጣጠን በትርፍ ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደማያመጣ አሳይቷል። ሆኖም ጠቃሾቹ ግማሹን ትተውታል። ጥናቱ ለአብዛኛው ሰው የመከረው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲመለከትና ድርሻው ከታለመው 5 መቶኛ ነጥብ ያህል ካፈነገጠ ብቻ እንዲነግድ ነው። የቀን መቁጠሪያው የማያውን ጊዜ ይወስናል፤ የመነገጃውን ጊዜ የሚወስነው የማፈንገጫው ወሰን ነው። ወደ እኛ የደረሰው ምክር ሁለተኛውን ጥሎ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ይህ ልዩነት የምሁራን ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለኒውዮርክ ባለሀብት በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ገዝቶ መሸጥ የሚያስወጣው ከመቶ ጥቂት ሳንቲም ነውና። ፍኖተ ሰላም፣ ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ አካባቢ የቤተሰብ ሀብት ትልቁ ክፍል የማይሸጥ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለሽያጭ አይቀርብም፤ ቤትም ሩቡ ብቻ ተቆርጦ አይሸጥም። ስለዚህ የማመጣጠኑ ሸክም የሚወድቀው በሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሀብት ላይ ነው፤ ያንን ማንቀሳቀስ ደግሞ ውድ ነው።

ለስሌት እንዲመች የሚከተለውን ቤተሰብ እናስብ። ዋጋዎቹ ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ጥናት አይደሉም። ቤተሰቡ ለተቀማጭ 40፣ ለባንክ አክሲዮን 35፣ ለቀለብና ለዘር ከተቀነሰ በኋላ ለሚተርፍ በቆሎ 25 በመቶ መድቧል። በጥር ሲቆጥር 380 ሺህ ብር ተቀማጭ፣ 350 ሺህ ብር የሚገመት አክሲዮንና 124 ኩንታል በቆሎ አለው። በቆሎው በኩንታል 2,500 ብር ሲታሰብ 310 ሺህ ይሆናል። ድምሩ 1 ሚሊዮን 40 ሺህ ነው፤ የበቆሎው ድርሻ ወደ 29.8 በመቶ ከፍ ብሏል።

የጥር ምክር ወዲያውኑ 20 ኩንታል እንዲሸጥ ያዛል። ይህ 50 ሺህ ብር ነው። ከመንደሩ እስከ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ለማጓጓዣ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለከረጢትና ለደላላ በኩንታል 110 ብር፣ ለአንዱ ጉዞ ደግሞ የተሸጠው ቢበዛም ቢያንስም የማይቀር 800 ብር ብንይዝ ወጪው 3,000 ብር ይመጣል። ከሽያጩ 6 በመቶ ማለት ነው። ከቀረው ውስጥ 14 ሺህ ያህሉ አክሲዮን እንዲገዛበት ይጠበቃል፤ በዚህ መጠን አክሲዮን የሚሸጥለት ባንክ ማግኘቱ ራሱ ያጠራጥራል።

ትልቁ ወጪ ግን በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ነው። በቆሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የብድር መመለሻም በዚሁ ሰሞን ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋውም በተለመደ ዓመት የዓመቱ ዝቅተኛ ነው። በዓለም ገበያም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ካምቤል ሃርቪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2025 ያሰራጩት ጥናት እንደሚለው ትልልቅ የጡረታ ፈንዶች በታወቀ ጊዜ ስለሚያመጣጥኑ ሌሎች ቀድመዋቸው ይነግዳሉ፤ ጉዳቱም በጡረተኞቹ ላይ ይወድቃል። የፍኖተ ሰላም ነጋዴ ጥናቱን ማንበብ አያስፈልገውም። ገበሬው በጥር እንደሚመጣ ያውቃል፤ መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ይጠብቀዋል።

አሁን ያው ቤተሰብ የ5 ነጥብ ወሰን ቢኖረው እንይ። በጥር በቆሎው 29.8 ነው፤ የላይኛው ወሰን 30 ስለሆነ አይነካም። በሰኔ መጀመሪያ እንደገና ይመለከታል። ሦስት ኩንታል በነቀዝና በድርቀት ቀንሶ 121 ቀርቷል፤ ዋጋው ግን 3,200 ደርሷል። በቆሎው 387 ሺህ፣ ተቀማጩ ከወለዱ ጋር 391 ሺህ፣ አክሲዮኑ እዚያው 350 ሺህ ነው። የበቆሎው ድርሻ 34.3 በመቶ ሆኗል፤ ወሰኑን በግልጽ አልፏል። የሽያጩ ጊዜ ይህ ነው። በጥር ሊሸጡ የነበሩት 20 ኩንታሎች የነቀዙ ድርሻ ተቀንሶ ዛሬ ወደ 62,400 ብር ያወጣሉ። በጥር ተሸጠው ባንክ ቢገቡ ኖሮ በ7 በመቶ ወለድ ከ51,500 በታች ይሆኑ ነበር።

እዚህ ላይ የሚጠነቀቅ አንባቢ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ። «ይህ የወቅቱ ትሩፋት እንጂ የወሰኑ አይደለም፤ ቀኑን ከጥር ወደ ሐምሌ ማዛወር በቂ ነው» ሊል ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። አንድ ቀን ብቻ የሚመረጥ ቢሆን እኔም ጥርን አልመርጥም። ሐምሌ ግን የራሱ ዕዳ አለበት። ከዋናው አስፋልት ወጣ ያለው መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ በመኪና የሚወጣው እህል በአህያ ጀርባ መውጣት ይጀምራል። በኩንታል 110 ያልነው ወጪ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። ቀን የቆረጠ ሰው ይህን ወጪ የሚያገኘው ቀኑ ከደረሰ በኋላ ነው። ወሰን ያለው ሰው ግን በግንቦት መጨረሻ መንገዱ ሳይበላሽ አይቶ ሊነሳ ይችላል። የ2015 ዓ.ም. ክረምት ከገባ ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት መጥተዋል፤ ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። የተቆረጠው ቀን እንዲህ ባለ ሳምንት ላይ ቢውል የመነገጃው ወጪ በመቶኛ የሚለካ አይሆንም።

ሌላም አለ። በቆሎ ሁልጊዜ በሰኔ አይወደድም። የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. ምርት እጅግ ብዙ ነበር፤ የበቆሎ ዋጋም ወደቀ። በምዕራብ ጎጃምም ሆነ በሌሎች የበቆሎ አገሮች የማዳበሪያ ብድሩን ለመክፈል የተቸገረው ገበሬ ብዙ ነበር። ብዙ ሳይቆይ የ1994 ክረምት ዝናብ ተዛባና በ1995 ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈለገ። ማንኛውንም የማመጣጠን ደንብ ልፈትን ብል ይህን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ለወሰን ደጋፊዎችም የሚመች ፈተና አይደለም።

ለምን እንደማይመች በቁጥር ላሳይ። አንድ ሚሊዮን ብር በ40፣ በ35 እና በ25 ተከፍሎ ይዘን ብንነሳና የበቆሎ ዋጋ በአንድ ዓመት በግማሽ ቢወርድ፣ በቆሎው ከ250 ወደ 125 ሺህ፣ ድርሻውም ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። የታችኛው ወሰን 20 ስለሆነ ደንቡ ግዛ ይላል። ወደ 25 በትክክል ለመመለስ ከ93 ሺህ ብር በላይ በቆሎ መግዛት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው እንደገና በ40 በመቶ ቢወርድ አዲስ ከተገዛው ብቻ 37 ሺህ ያህል ይጠፋል። አንድሬ ፔሮልድና ዊሊያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1988 ያስረዱት ይህንኑ ነው። ድርሻን መመለስ ዋጋው ወጣ ገባ እያለ በሚመላለስበት ገበያ ይከፍላል፤ ዋጋው በአንድ አቅጣጫ በሚነጉድበት ግን ያስከፍላል። በቆሎ በዓመቱ ውስጥ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በዓመታት መካከል አንዳንዴ ሁለተኛው ይሆናል። በ1993 ተገዝቶ እስከ 1995 የሚቆይ በቆሎም የለም፤ በጎተራ ሁለት ክረምት ከከረመ የሚያተርፈው ነቀዝ ነው።

ከዚህ የምንማረው ወሰኑን መተው አይደለም፤ ወሰኑ ሲጣስ ምን ያህል ርቀት ተመልሶ መሄድ እንደሚገባ መጠየቅ ነው። ዋናው ምክር ዝም ብሎ የሚያልፈው ይህን ሦስተኛ ውሳኔ ነው። ጆርጅ ኮንስታንቲኒደስ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ማርክ ዴቪስና አንድሪው ኖርማን ደግሞ በ1990 ያሳዩት ውጤት አለ። የመነገጃ ወጪው ከተነገደው መጠን ጋር አብሮ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ፣ በታለመው ድርሻ ዙሪያ ምንም የማይነገድበት ቀጠና ይኖራል። ድርሻው ከቀጠናው ሲወጣ የሚሻለው ወደ መሐል መመለስ ሳይሆን እስከ ቀጠናው ጠርዝ ድረስ ብቻ መመለስ ነው። ከጠርዙ እስከ መሐሉ ያለው ጉዞ ወጪውን እንጂ ተመጣጣኝ ጥቅም አያመጣም። በ1993 ምሳሌያችን እስከ 20 በመቶ ብቻ የተመለሰ ሰው 50 ሺህ ብር ይገዛል፤ ከሁለተኛው ውድቀትም በአዲሱ ግዢ የሚያጣው 20 ሺህ ነው።

የጎጃም ወጪ ግን ንጹሕ ተመጣጣኝ አይደለም፤ የ800 ብሩ ጉዞ አለ። እንዲህ ያለ ቋሚ ወጪ ሲኖር በየጊዜው ወደ ጠርዝ ጥቂት ጥቂት መመላለስ ያከስራል፤ አንዴ ከተነሱ ወደ ውስጥ ጠልቆ መግባት ይሻላል። ወደ ሰኔው ቤተሰብ እንመለስ። ከ34.3 ወደ ጠርዙ፣ ማለትም ወደ 30 ለመመለስ 15 ኩንታል ይበቃል፤ ወጪው 2,450 ብር፣ ከሽያጩ 5.1 በመቶ ነው። ወደ 25 ለመመለስ 33 ኩንታል ይሸጣል፤ ወጪው 4,430 ብር፣ ከሽያጩ 4.2 በመቶ ነው። መካከለኛው፣ 27.5 ላይ የሚያቆመው 24 ኩንታል፣ 3,440 ብር ያስወጣል፤ 4.5 በመቶ። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የጉዞውን 800 ብር በቂ ኩንታል ላይ ያከፋፍላል፤ ዋጋው መውጣቱን ቢቀጥልም ያልተሸጠው ብዙ ይቀራል። መኪና ያለው ወይም ከጎረቤት ጋር ተደርቦ የሚጭን ቤተሰብ ቋሚ ወጪው ስለሚቀልለት ወደ ጠርዙ መጠጋት ይችላል።

አክሲዮኑን እስካሁን በ350 ሺህ አስቀምጬ አልፌያለሁ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌላ ቁጥር ማግኘት ቀላል አይደለምና። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ዛሬም ባልተመዘገቡት ባንኮች ዘንድ፣ አክሲዮን የሚዘዋወረው ገዢና ሻጭ ተፈላልገው በባንኩ የአክሲዮን ክፍል በኩል ነው። በየቀኑ የሚታይ ዋጋ የለም፤ ብዙ ሰው የሚይዘው የገዛበትን ወይም የአክሲዮኑን መነሻ ዋጋ ነው። ታዲያ በሰኔ 31 በመቶ የሚሆነው የአክሲዮኑ ድርሻ እውነተኛ ማፈንገጥ ነው ወይስ የግምት ስህተት? ይህ ካልታወቀ የ5 ነጥብ ወሰን ለአክሲዮን ጠባብ ነው። ወሰኑ ቢያንስ ከግምቱ ስህተት መስፋት አለበት፤ 10 ነጥብ ቢሆን አልቃወምም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 አክሲዮን ተሽጦ በተገኘ ትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ የሚሸጥ ሰው የዛሬውን መጠን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ማንኛውም መጠን ግን ሻጩ ላይ የሚያርፈው ሲሸጥ ብቻ ነው። ሳይሸጡ የማመጣጠኛ መንገድ ካለ ይቀድማል።

መንገዱም አለ። የባንኮች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ጠቅላላ ጉባኤያቸው የሚበዛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የትርፍ ድርሻም የሚወሰነው ያኔ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገና ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ከሰጠ በኋላ፣ ባንኮች ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻቸውን መልሰው አክሲዮን እንዲገዙበት ሲገፋፉ ቆይተዋል። ብዙ ሰው ቅጹን ሳያስብ ይፈርማል፤ የአክሲዮኑ ድርሻ በየዓመቱ የሚያብጠው በዚህ ፊርማ ነው። ያው ቅጽ ግን ያለ ደላላ፣ ያለ ጉዞና ያለ ሽያጭ ግብር ድርሻን ለመመለስ የሚያስችል እጅግ ርካሽ መሣሪያ ነው። አክሲዮኑ ከታለመው በላይ ከሆነ ትርፉን በጥሬ ገንዘብ መውሰድ፣ በታች ከሆነ መልሶ መግዛት። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ በቆሎ በሚረክስበት ወር ነው፤ የእህሉ ድርሻ ከወሰኑ በታች የወረደበት ቤተሰብ ከተቀማጩ ሳይነካ በዚሁ ብር መሙላት ይችላል። ጥር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ ካለው የመግዣ ወር ሆኖ ነው፤ ምክሩ ግን የመሸጫ ወር አድርጎታል።

የቀረው ተቀማጩ ነው፤ እዚህ ላይ የቀንም የወሰንም ደጋፊዎች አብረው ይሳሳታሉ ብዬ አምናለሁ። የቁጠባ ወለድ ወለል ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። በእንዲህ ዓይነት ዓመታት የእህል ድርሻ ማበጥ በአብዛኛው የብሩ መክሳት ነው፤ ሄዶ የሚመለስ መወዛወዝ አይደለም። እህል ሸጦ ተቀማጩን ወደ 40 በመቶ በየዓመቱ መመለስ ማለት ከማይቀልጠው ቆርጦ ወደሚቀልጠው ማዛወር ነው፤ ፔሮልድና ሻርፕ ያስጠነቀቁበት የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ይህ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም የተቆረጠ ቀን የሚጠብቅ ሰው ስድስት ወር ዘግይቶ ነው የሚቆጥረው።

ስለዚህ ለተቀማጩ በመቶኛ የሚለካ ወሰን አላስቀምጥም። የታችኛው ጠርዙ በቤተሰቡ ፍላጎት ይለካ፦ የመጪው ክረምት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ፣ አንድ ድንገተኛ ሕመም፣ በዛሬ ዋጋ ተደምረው። ድምሩ በየዓመቱ በአዲሱ ዋጋ ይታደሳል። ተቀማጩ ከዚህ ከወረደ በቆሎው ወሰኑን ባያልፍም ይሸጣል፤ ከዚህ በላይ ያለው ተቀማጭ ግን ድርሻው 40 ባይሞላ እንኳ እህል ሸጦ ለመሙላት ምክንያት አይሆንም። ቤተሰቡ በምሳሌያችን ለእነዚህ ሁሉ 220 ሺህ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ በሰኔ ያለው 391 ሺህ ከበቂ በላይ ነው። የ24ቱ ኩንታል ገንዘብ ባንክ ቢገባም ማረፊያው ሊሆን አይገባም፤ ኅዳር ላይ የትርፍ ድርሻው ሲመጣ ሁለቱ ተደምረው በሬ ለማደለብ ወይም የረከሰ ጤፍ ለመግዛት ይዋሉ፤ ጤፍ ከበቆሎ ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማልና የእህሉን ወሰን ከ5 ወደ 7 ነጥብ ማስፋት ያስችላል።